የመስማት ችግሬን ሲቪዬ ላይ ልጻፍ ወይስ ልተው?

«ሰላም ለሁላችሁ። በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ በሁለቱም ጆሮዬ የመስሚያ መሣሪያ አደርጋለሁ። ሲቪዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል? ከጻፍኩ አይጠሩኝም ብዬ ፈራሁ።»

እህቴ፣ እኔም አካውንታንት ነኝ፣ መሣሪያም አደርጋለሁ። ስለዚህ የኔን ስሚ።

1. ሲቪሽ ላይ አትጻፊው። እርስ በርስ የምንቀዳዳው ፎርማት ላይ ከጋብቻ ሁኔታ ሥር «የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ» የሚል መስመር አለ፤ እሱንም አጥፊው። ማንም ሳይጠይቅሽ ሞልተሽው በኋላ «ዋሽታናለች» ለማለት ይመቻቸዋል። ስልክ ቁጥርሽ አጠገብ ግን «እባክዎ በጽሑፍ መልእክት ወይም በኢሜይል ያግኙኝ» ብለሽ ጻፊ። ይህን ቀላል ነገር አድርገሽ እንዳታዪው። ለፈተና የሚጠሩሽ በስልክ ነው፤ ጫጫታ ካለበት ቢሮ ደውለው ቀኑንና ቦታውን በአንድ ትንፋሽ ይነግሩሽና ይዘጉታል። መልሰሽ ስትደውዪ ማን እንደደወለልሽ የሚያውቅ የለም።

2. የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ንገሪያቸው፤ ያውም በማመልከቻ ደብዳቤ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 መስፈርቱን ያሟላ አካል ጉዳተኛ ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ያገኛል ይላል። አዋጁ የግሉንም ድርጅት ይመለከታል፤ ግን የግል ድርጅት ውጤት ስለማይለጥፍ ማን ከማን እንደተቀራረበ በምን ታውቂያለሽ? መንግሥት ቤት ቢያንስ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል።

አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው) ስመዘገብ ለመዝጋቢዋ በቃሌ ነገርኳት፤ በጽሑፍ ያዢልኝም አልኳት። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «ታዲያ ሳትሰማ እንዴት ልትሠራ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ፤ አልመዘገበችውም። የፈተናው ቀን ፈታኙ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ፣ የሆነ ነገር ተናገረ። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሰረዘ። ለካ የእርጅና ቅናሽ ጥያቄው ላይ የንብረቱ የአገልግሎት ዘመን በስሕተት ታትሞ ኖሮ በቃል እያስተካከለ ነው። እኔ በታተመው ቁጥር ሠራሁ፤ ከሱ ተከትለው የሚመጡት ጥያቄዎችም አብረው ሄዱ። ውጤቱ ሲለጠፍ ካለፈው ሰው ጋር ለጥቂት ነው የተለያየነው፤ አዋጁ የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ነበር። ቅሬታ አስገባሁ። መልሳቸው «በማመልከቻዎ ላይ አልገለጹም» የሚል ነበር! እሷው አልመዘግብም ብላ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አልተመዘገበም ይለኛል። እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ እንዲህ በይ፦ «የመስማት ጉዳት ስላለብኝ በፈተናው ወቅት በቃል የሚሰጡ መመሪያዎችና ማስተካከያዎች በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።» የሐኪሙን የዴሲቤል ቁጥር አትጨምሪበት፤ የሚያነበው ሰው ትርጉሙን ስለማያውቅ የባሰ ያስደነግጠዋል። የሚያስፈልግሽን ብቻ ንገሪው። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር አስመቺበት፤ የፈተናው ቀንም ይዘሽው ግቢ። መዝጋቢዋ ብትቆጣም ቁጥሩን ሳትይዢ እንዳትወጪ።

3. የግል ድርጅት ከሆነ እስኪጠሩሽ ዝም በይ። አሁን ያለሁበት ቤት ለቃለ መጠይቅ በኢሜይል ሲጠሩኝ ነው የነገርኳቸው፤ «እመጣለሁ» ባልኩበት መልስ ላይ፣ መሣሪያ እንደማደርግ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ በአንድ ከተነጋገርን እንደማይከብደኝ፣ ያልሰማሁትን አስደግሜ እንደምጠይቅ። ስገባ መስኮቱ ጠያቂዎቹ ጀርባ ነበር፤ ብርሃኑ ከኋላቸው ስለሚመጣ ከንፈራቸው አይታይም። ወንበሬን ዞር ላድርግ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩና ጎን ሄድኩ። ፋይናንስ ኃላፊው «ስልክስ?» አለኝ። ከባንክ ጋር የሚደረገው ማስታረቅ በስቴትመንት እንጂ በስልክ እንዳልሆነ ነገርኩት፤ ሳቀ። ዛሬ የወር መዝጊያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ ኦዲተሮቹም ጥያቄያቸውን በኢሜይል ነው የሚልኩልኝ። በመስታወት ጀርባ ደንበኛ የሚስተናገድበት የባንክ መስኮት ቢሆን ግን መልሱ እንዲህ አይቀልም፤ እሱን ሥራ ከማመልከትሽ በፊት አስቢበት።

4. ከተቀጠርሽ በኋላ ልንገራቸው ብለሽ ደግሞ አታቆዪው። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ስብሰባ ላይ ተጠርተሽ ዝም ካልሽ «ትኮራለች» ወይም «ሥራው አልገባትም» ነው የሚሉት፤ ጆሮ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። የጤና ምርመራ ቅጽ ከሰጡሽም እውነቱን ሙዪ።

ደብዳቤውን ስትጽፊ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ለቃለ መጠይቁ ደግሞ አዲስ ባትሪ አድርገሽ ሂጂ፤ ትርፍም ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ።