ጅብ በማያውቁት ቋንቋ፦ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር ትርጉም ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «አንድ አጭር ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ ነው። እናትየው ትልቅ ነጋዴ ነኝ እያለ ልጃቸውን ሊያገባ ስለመጣው ሰው ‹ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ› ይላሉ። ከሁለት ገጽ በኋላ ደግሞ ታናሽ ልጃቸው ‹እማዬ፣ ቁርበቱን የሚበላው መቼ ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ቃል በቃል ልተርጉመው ወይስ ፍቺውን ብቻ ልጻፍ?» (ከፒያሳ)

መልስ፦ ቃል በቃል ይተርጉሙት፤ ነገር ግን ጥቂት ቃላት ከውስጥ ይጨምሩበት። ቁርበት በገጠር ቤት መደብ ላይ የሚነጠፍ የከብት ቆዳ ነው፤ ለእንግዳ ሲነጠፍለት መከበሩን ያሳያል። ጅብ ደግሞ ቆዳና አጥንት ሳይቀር የሚበላ አውሬ በመሆኑ፣ በሚያውቁት አገር ቁርበት ሊያነጥፍለት ቀርቶ ቁርበቱን ደጅ የሚያሳድር ሰው አይገኝም። ስለዚህ አነጋገሩ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሰውየው በማያውቁት ሰዎች ዘንድ የማይገባውን ክብር ይጠይቃል፤ የጠየቀው ክብር ራሱ ደግሞ ሊበላው ያሰበው ነገር ነው። አብዛኞቹ ተርጓሚዎች የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን ይጥሉታል። የእናትየው ፍርሃት ግን ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው፤ «ልጄን ይበላብኛል» ማለታቸው ነውና።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው አንባቢ እንሂድ። ጅብን ያውቀዋል፣ የሚያውቀው ግን በሳቁና የሌላ አውሬ ትራፊ በመልቀሙ ነው። ቆዳ ላይ እንግዳ የማስቀመጥ ልማድ በቤቱ የለም። በዚያ ላይ ቁርበት ለማለት የሚመጣልዎት «ሃይድ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ «መደበቅ» ማለትም ስለሆነ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ዓይን ያሰናክላል። «የበሬ ቆዳ» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ችግር ይወገዳል። እንዲህም ሆኖ ደረቅ የቃል በቃል ትርጉም ለአንባቢው የሚያቀብለው አንድ እንስሳ ምንጣፍ መጠየቁን ብቻ ነው፤ ስድብ መሆኑን ከእናትየው አነጋገር ቢገምትም ለምን ስድብ እንደሆነ አያውቅም።

ፍቺውን ብቻ ቢጽፉ፣ ማለትም «ሰው በማያውቁት ቦታ ራሱን ጌታ ያደርጋል» ቢሉ፣ ነገሩ ወዲያው ይገባል፤ ጅቡ ግን ከታሪኩ ይወጣል። ከሁለት ገጽ በኋላ የልጁ ጥያቄ ሲመጣ የሚበላው ቁርበት የለም፣ የሚበላውም ጅብ የለም። ተርጓሚው ያን ጊዜ የልጁን ጥያቄ መሰረዝ ወይም አዲስ ነገር መፍጠር ይኖርበታል። ለዚህ ነው አንድን ምሳሌያዊ አነጋገር ከመተርጎሜ በፊት እስከ ጽሑፉ መጨረሻ ተከትዬ፣ ምስሉ ተመልሶ የሚነሳበት ቦታ መኖሩን የማረጋግጠው። ተመልሶ የሚነሳ ምስል መጣል የለበትም።

የሚቀረው መንገድ ምስሉን ጠብቆ የጎደለውን እውቀት በራሳቸው በእናትየው አፍ ማስገባት ነው። በአማርኛ ስገልጸው እንዲህ ያለ ነው፦ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ እንደ ክቡር እንግዳ የበሬ ቆዳ አንጥፉልኝ አለ፤ ሌሊት የማይበላው ይመስል።» የተጨመሩት ሁለት ሐረጎች ናቸው። የመጀመሪያው የቁርበትን ክብር፣ ሁለተኛው የጅብን አመል ይነግራል። ከዚህ በላይ ከጨመሩ ምሳሌነቱ ይቀርና ማብራሪያ ይሆናል፤ አዛውንት እናት ደግሞ ምሳሌ ተናግረው አያብራሩም። የግርጌ ማስታወሻ እዚህ ላይ አልመክርም፤ አንባቢው ዓይኑን ወደ ገጹ ግርጌ አውርዶ እስኪመለስ የእናትየው ቁጣ ይበርዳል።

ሲጨርሱ አማርኛ ለማያውቅ ሰው ገጹን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለትና ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ጅቡ ማን ነው? እናትየው የፈሩት ምንድን ነው? የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን ካልመለሰ ሁለተኛው ሐረግ ሥራውን አልሠራምና እንደገና ይጻፉት። የልጁ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሰሚዎ ፈገግ ካለ ግን ይተዉት፤ ደርሷል።

ጥያቄ፦ «ለፊልም የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እሠራለሁ። ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ለሚለው ‹ፈረሱ ከጠፋ በኋላ ጋጣውን መዝጋት› የሚለውን የእንግሊዞች ምሳሌ ብጠቀም ምን ይመስልዎታል?» (ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ትዕይንቱን ይመልከቱ። በእንግሊዞቹ ምሳሌ ጥፋቱ ደርሷል፣ ፈረሱ ሄዷል፤ የሚነቀፈው የዘገየ ጥንቃቄ ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ምንም ላይጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚነቀፈው አደጋው እስኪያልፍ አድፍጦ ከዚያ በኋላ የሚፎክር ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠቡ ከበረደ በኋላ «የት አለ?» እያለ ካፖርቱን የሚያወልቅ አጎት ካለ፣ የጋጣው ምሳሌ ፈሪውን ሰው ቸልተኛ አድርጎ ያቀርበዋል። መጋዘኑ ከተዘረፈ በኋላ ዘበኛ የሚቀጥር ባለንብረት ከሆነ ግን ትርጉሙ ይገጥማል፤ እኛም በዚህ አገባብ እንናገረዋለን።

ፍቺው በሚገጥምበት ቦታ እንኳ እኔ ቃል በቃሉን እመርጣለሁ። ቁርበቱ ለባዕድ ሰው ዝግ የሆነ ምስል ነበር፤ ይህኛው ግን እንግዳ ቢሆንም ዝግ አይደለም። ጅብ የሚያስፈራ አውሬ መሆኑን፣ ውሻም ጮኾ እንደሚጠብቅ የማያውቅ ተመልካች የለም፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ነገሩን ይፈታዋል። የግርጌ ጽሑፍ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በየመስመሩም ወደ 40 ፊደል ገደማ ስለሚይዝ፣ «ጅቡ ሄደ፣ ውሻው ጮኸ» የሚለው እጥር ያለ ትርጉም ከጋጣው ይልቅ ይመቻል። በተጨማሪም ተመልካቹ የሚያየው የእኛን ግቢና የእኛን ሌሊት ነው። በድምፁ ውስጥ ውሻ እየጮኸ በጽሑፉ ላይ የእንግሊዝ ፈረስ ብቅ ካለ ተመልካቹ ተርጓሚውን እንጂ አጎቱን አይሰማም።

ጥያቄ፦ «ከእንግሊዝኛ ‹አንዲት ወፍ በጋን አታመጣም› ብዬ ተረጎምኩ። ያነበቡት ጓደኞቼ ግን ‹እና ምን ይሁን?› አሉኝ። የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?» (ከስድስት ኪሎ፣ ተማሪ)

መልስ፦ የተሳሳቱት ወፏ ላይ ሳይሆን ወቅቱ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ሰመር» ለሚለው ቃል በጋን ይሰጥዎታል፤ የእንግሊዞች ሰመር ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ላይ የሚውል ሲሆን እኛ በእነዚያ ወራት ክረምት ውስጥ ነን። ወፏ የብርዱን ወቅት በአፍሪካ አሳልፋ፣ ብርዱ ሲለቅ ወደ አውሮፓ የምትመለስ ተጓዥ ወፍ ናት። እነርሱ የሚናፍቋት ሙቀት ይዛ ስለምትመጣ ነው። እኛ ዘንድ በጋን ማንም እንደዚያ አይናፍቀውም፤ ጓደኞችዎ «እና ምን ይሁን?» ያሉት ለዚህ ነው።

ምሳሌው በጽሑፍ የሚገኘው ገና በጥንቱ ግሪካዊ በአርስቶትል የሥነ ምግባር መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ግን ወቅቱ ጸደይ እንጂ ሰመር አይደለም። ወፏ ግሪክ የምትደርሰው በመጋቢት ገደማ፣ እንግሊዝ የምትደርሰው ደግሞ ዘግይታ በሚያዝያ ገደማ ነው። ፈረንሳዮች ጸደይን ጠብቀዋል፣ እንግሊዞችና ጀርመኖች ሰመር ይላሉ። እያንዳንዱ ሕዝብ ምሳሌውን ለራሱ ሰማይ አስማምቶታል።

ለአማርኛ ከብርዱ ወቅት ጋር የሚመጣጠነው ጨለማው ክረምት ነው፤ ከሙቀቱ ጋር የሚመጣጠነው ደግሞ መስከረም። ከአደይ አበባ ጋር የምትታይ የመስቀል ወፍም አለችን። የሚተረጉሙት የጋዜጣ አስተያየት ከሆነ «አንዲት የመስቀል ወፍ ስለታየች መስከረም አልጠባም» ቢሉ ማንም አንባቢ አይጠይቅዎትም። የአርስቶትልን መጽሐፍ ራሱን የሚተረጉሙ ከሆነ ግን ይህን አይጠቀሙ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረን ሰው ስለ መስቀል በዓል ማናገር ይሆናል። እዚያ ላይ «አንዲት ወፍ ስለመጣች ብርዱ አለፈ አይባልም» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ «አለቃዬ ምስል መለወጥ ክህደት ነው ይላል። እውነት ነው?» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይክፈቱለትና ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 18ን ያሳዩት። በዕብራይስጡ ኃጢአት የሚነጻው እንደ በረዶና እንደ በግ ጠጉር ነው፤ በአማርኛው ግን «እንደ አመዳይ» እና «እንደ ባዘቶ» ይላል። አመዳይን የደጋ ገበሬ በማለዳ በሣር ላይ ያየዋል፤ ባዘቶን ደግሞ ጥጥ የምትፈትል ሴት በእጇ ታውቀዋለች። በመዝሙረ ዳዊት 51 ግን ያው የዕብራይስጥ ቃል «በረዶ» ተብሏል። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም መንገድ አለ። ክህደት የምለው ምስሉን ለውጦ ፍርዱንም መለወጥን ነው፤ ባዘቶ ነጭ ባይሆን ኖሮ አለቃዎ በተናገሩት እስማማ ነበር።

ጥያቄ፦ «ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ። ምስክር ‹ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል› ቢል ለውጭ አገር ዜጋው ፍቺውን ልንገረው?» (ከልደታ)

መልስ፦ ፍቺውን ብቻ አይንገሩት። እንደ ልብ ወለድ ተርጓሚ የመምረጥ ነፃነት እዚህ የለዎትም፤ ቃሉ የምስክሩ ነውና። በመጀመሪያ «ሆድ የደበቀውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለውን እንዳለ ያስተላልፉ፤ ወዲያውም «አስተርጓሚው፦ ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፣ ብቅል የጠላ መጥመቂያ ነው» ብለው በራስዎ ስም ይለዩ። «ሲሰክር እውነቱን ተናገረ» ብለው ከተረጎሙት ምስክሩ ስለ መስከር መስክሯል ማለት ነው፤ እርሱ ግን ምናልባት «ውሎ አድሮ ይታወቃል» ለማለት ብቻ ተናግሮት ይሆናል። የትኛውን እንዳለ የሚጠይቀው ዳኛው ወይም ጠበቃው ነው፤ ምስክሩ ሲመልስም ያንኑ መልሱን ይተርጉሙ።