ጊዜው ያለፈበት የታሸገ ምግብ፦ ለባለሱቁ ምን ብለን እንጻፍ? (ጥያቄና መልስ)

«ትናንት የገዛሁት የሕፃናት የዱቄት ወተት ጊዜው ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ለባለሱቁ ልጽፍ ብቀመጥ ከንዴት በቀር የሚወጣኝ ነገር የለም። ምን ብዬ ልጀምር?»

በሁለቱ ቀኖች ይጀምሩ፤ የተገዛበትና ማሸጊያው ላይ የታተመው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክር አይተርፍም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ወተት ስለመሸጡ

በ15/03/2025 ከሱቅዎ ባለ 400 ግራም አንድ ቆርቆሮ የሕፃናት የዱቄት ወተት ገዝቻለሁ። በቆርቆሮው ሥር የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ 28/02/2025 ነው። የተሸጠልኝ ጊዜው ካለፈ ከ15 ቀን በኋላ ነው ማለት ነው። የባች ቁጥሩ ……… ሲሆን ቆርቆሮው አልተከፈተም። የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ ጊዜያቸው ያለፈ ሌሎች ቆርቆሮዎችም ከመደርደሪያና ከመጋዘን እንዲነሱ እጠይቃለሁ። መልስዎን እስከ 25/03/2025 በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የደረሰኙና የቆርቆሮው ፎቶ ተያይዟል።»

ከላይ ቀን፣ የእርስዎና የሱቁ ስምና አድራሻ፣ ከታች ፊርማ ይጨመርበት። ብዙ ሰው የባች ቁጥሩን ይረሳል። ባለሱቁ ግን አብረው የመጡትን ካርቶኖች ለይቶ የሚያወጣው በእሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከቀኑ አጠገብ ታትሞ ይገኛል። ቀኑን ማሸጊያው ላይ እንዳለ ይገልብጡት እንጂ ወደ ሌላ የዘመን አቆጣጠር አይቀይሩት፤ በቅየራው አንድ ቀን ቢዛባ የሚያከራክረው እሱ ይሆናል። «ሆን ብለው ነው የሸጡልኝ» የሚለውንም ይተዉት። ማረጋገጥ አይችሉም፤ ባለሱቁም ለቀኑ መልስ መስጠቱን ትቶ ስሙን ወደ መከላከል ይሄዳል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በሚቀርልዎት ላይ የተቀበለውን ሰው ያስፈርሙ። ዋናውን ደረሰኝ አይስጡ።

«ደረሰኙን ጥዬዋለሁ። አቤቱታዬ ዋጋ አለው?»

አለው፤ ነገር ግን ግዢውን በሌላ መንገድ ማሳየት ይኖርብዎታል። በባንክ ወይም በሞባይል ከከፈሉ የክፍያው መልእክት ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ይዟል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የገዙበትን ሰዓትና የሸጠልዎትን ሠራተኛ ሁኔታ ይጻፉ። ያው ባች መደርደሪያው ላይ አሁንም ካለ ደግሞ አንዱን ገዝተው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ከጠፋው የተሻለ ማስረጃ ነው።

«ባለሱቁ ‹ይህ እኮ ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል ነው የሚለው፣ አልተበላሸም› አለኝ። እውነቱን ነው?»

ለአንዳንድ ምግብ እውነት ሊሆን ይችላል። ያ አጻጻፍ የሚናገረው ስለ ጥራት ነው። በደንብ የተቀመጠ ደረቅ ብስኩት ቀኑ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያጣው መንኮሻኮሹንና ጣዕሙን ነው፤ ቅባት ካለበት ደግሞ የቅባቱ ሽታና ጣዕም ይለወጣል። «እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ» የሚለው ግን የደኅንነት ገደብ ነው፤ ቶሎ በሚበላሹ፣ በፍሪጅ በሚቀመጡ ምግቦች ላይ ይጻፋል። ጎጂ ተህዋስያን ሽታም መልክም ሳይለውጡ ሊራቡ ስለሚችሉ «ደህና ይሸታል» ማለት መልስ አይሆንም። የሕፃናት ወተት ላይ ደግሞ በፍጹም ድርድር የለም። ቪታሚኖቹ በጊዜ ብዛት ይቀንሳሉ፤ በእሱ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ከቀኑ በፊት የታተመውን ሐረግ ቃል በቃል ያስፍሩ።

«ማሸጊያው ላይ 03/04/25 ይላል። የትኛው ነው ወሩ?»

የተመረተበትን ቀን ይፈልጉ። እሱ 20/09/24 ከሆነ 20ኛ ወር ስለሌለ የሚቀድመው ቀኑ ነው። ወርና ዓመት ብቻ ከታተመ እስከ ወሩ መጨረሻ ማለት እንደሆነ ነው የሚወሰደው። በታተመው ቀን ላይ ሌላ ተለጣፊ ካዩ አይላጡት። ጠርዙና ከሥሩ የሚታየው ጽሑፍ እንዲለይ አድርገው ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያ በደብዳቤው «በታተመው ቀን ላይ ሌላ ቀን ተለጥፎበታል» ብለው ያዩትን ብቻ ይጻፉ።

«ልጄ ከበላው በኋላ አስመለሰው። ይህን እንዴት ልጻፍ?»

ከደብዳቤው በፊት ሐኪም ያግኙ፤ ምን እንደበላና መቼ እንደጀመረው ይንገሩ። የተረፈውን ምግብ ከነማሸጊያው በንጹሕ ፕላስቲክ አስረው «አይበላ» ብለው ጽፈውበት በፍሪጅ ያቆዩት፤ ለምርመራ ሊፈለግ ይችላል። በደብዳቤው «ምግቡ አሳመመው» አይበሉ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አስመለሰው» ብለው በቅደም ተከተል ይጻፉና የሕክምና ወረቀቱን ቅጂ ያያይዙ። ምክንያቱን የሚለየው ሐኪሙና ምርመራው ነው።

«የሰጠሁት ቀን አለፈ፣ መልስ የለም።»

የተፈረመበትን ቅጂ፣ ፎቶዎቹንና የክፍያ ማስረጃውን ይዘው ምግብን ወደሚቆጣጠረው ወይም የሸማቾችን አቤቱታ ወደሚቀበለው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ዕቃውን ግን እስከዚያ ለባለሱቁ አይመልሱ፤ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።