አሴቶን እና ኢታኖል፦ 2-ብሮሞቡቴን ለምን ሁለት መንገድ ይሄዳል?

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ፕራይመሪ ከሆነ ኤስኤን2፣ ተርሸሪ ከሆነ ኤስኤን1 የሚለው ገብቶኛል። ሰከንደሪ ላይ ግን ግራ ገባኝ። መምህራችን ፖላር ሶልቨንት ኤስኤን1ን ያግዛል አለን። ዲኤምኤስኦም እኮ ፖላር ነው፣ መጽሐፉ ግን ኤስኤን2 ነው ይላል። ፈተና ላይ 2-ብሮሞቡቴን ቢመጣብኝ በምን ልወስን?»

ወንድሜ፣ ግራ ያጋባችህ «ፖላር» የምትለው ቃል ናት። ብቻዋን ምንም አትወስንም። እኔም ይህ በደንብ የገባኝ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን ለተማሪዎች ላብ ሳዘጋጅ ነው። ለአምስት ዓመት ያህል ያንኑ ሙከራ በየዓመቱ አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ጠርሙስ፣ ጥቂት የሙከራ ቱቦዎች፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ቢከር፣ በቃ። ያንተ 2-ብሮሞቡቴን እዚያ ውስጥ አለ። እሱን ልንገርህ።

አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ 15 በመቶ ሶዲየም አዮዳይድ በአሴቶን ሟሙቶ አለ። ሁለተኛው ውስጥ 1 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት በኢታኖል። ከአንዱ 2 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ ትቀዳለህ። ሁለት ጠብታ ሃላይድ ትጨምርበታለህ። ትነቀንቀውና ሰዓትህን እያየህ ትጠብቃለህ።

መጀመሪያ ወደ አሴቶኑ እንሂድ። NaI አሴቶን ውስጥ በደንብ ይሟሟል። NaBr እና NaCl ግን አይሟሙም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አዮዳይዱ ካርቦኑን ይዞ ብሮማይዱን ሲያስወጣው፣ የወጣው ብሮማይድ ከሶዲየሙ ጋር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይታያል። 1-ብሮሞቡቴን ስታደርግ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቱቦው ይደፈርሳል። 2-ብሮሞቡቴን ስታደርግ ዝም ይላል። 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ አስገብተህ ጥቂት ደቂቃ ስትጠብቀው ነው የሚደፈርሰው። ተርት-ቡታይል ክሎራይድ ደግሞ ብታሞቀውም እንደጠራ ይቀራል።

ወደ ሲልቨር ናይትሬቱ ስትሄድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ተርት-ቡታይል ክሎራይድ ጠብታው ከመንካቱ ወተት ይመስላል። 2-ብሮሞቡቴን ከደቂቃዎች በኋላ ክሬም ዓይነት ቀለም ያለው ዝቃጭ ይሰጥሃል። 1-ብሮሞቡቴን ይጎተታል፣ ሙቀት ይፈልጋል።

አየኸው? 2-ብሮሞቡቴን ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ይሠራል። አንደኛም አይወጣም፣ መጨረሻም አይሆንም። ለዚህ ነው ሰከንደሪ ላይ ሰብስትሬቱን ብቻ አይተህ መልስ የማታገኘው።

አሁን ሶልቨንቶቹን ተመልከታቸው። የፖላርነት መለኪያ የምንለው ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ለአሴቶን 21 ገደማ ነው፣ ለኢታኖል 24 ገደማ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል! ጉዳዩ የፖላርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጠርሙሶች ይህን ያህል ባልተለያዩ ነበር። የሚለያያቸው የኢታኖሉ ኦኤች ነው። ኢታኖል ኦክስጅን ላይ የተቀመጠ ሃይድሮጂን አለው፣ በዚያ ሃይድሮጂን ደግሞ ኔጋቲቭ አዮንን ይይዛል። አሴቶን እንዲህ ያለ ሃይድሮጂን የለውም።

ይህ አንድ ልዩነት ሁለት ነገር ያደርጋል። አዮዳይድ ኢታኖል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን በሃይድሮጂን ቦንድ ተከቦ ይቀመጥ ነበር። ካርቦኑን ለመምታት መጀመሪያ ከከበቡት የተወሰኑትን ማስለቀቅ አለበት፣ ይህ ጉልበት ይበላል። አሴቶን ውስጥ ግን የአሴቶኑ ኦክስጅን የሚይዘው ሶዲየሙን ነው። አዮዳይዱ እጁ ነፃ ሆኖ ይቀራል። ኤስኤን2 የሚፈልገው ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ኑክሊዮፋይሉ ራሱ ዋናው እርምጃ ውስጥ አለበት። ዲኤምኤስኦም እንደዚሁ ነው። ዳይኤሌክትሪኩ 47 አካባቢ ቢሆንም ኦኤች የለውም። 1-ብሮሞቡቴን ከአዛይድ ጋር ሲሠራ ሜታኖል ውስጥ ያለውን ፍጥነት 1 ብንለው፣ ዲኤምኤስኦ ውስጥ 1,300 ገደማ ይደርሳል። ሞለኪውሉም ኑክሊዮፋይሉም አልተቀየሩም። የተቀየረው ሶልቨንቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሚሄደው ወገን ነው። በኤስኤን1 ጊዜ ሃላይዱ ማንም ሳይገፋው፣ ቦንዱን በጥሶ ለብቻው ይወጣል። አዲስ የተወለደውን ኔጋቲቭ የሚቀበለው ያስፈልገዋል። የውሃና የአልኮል ሃይድሮጂን ይቀበለዋል፣ ኦክስጅናቸው ደግሞ ካርቦካታዮኑን ይደግፈዋል። በእኛ ጠርሙስ ሲልቨሩም ሃላይዱን ይጎትታል። ናይትሬቱ ግን ደካማ ኑክሊዮፋይል ስለሆነ ከኋላ መጥቶ የሚመታ ጠንካራ ነገር የለም።

ስለዚህ «ፖላር ነው ወይ?» ከማለት «ኦኤች ወይም ኤንኤች አለው ወይ?» በል። ካለው ፕሮቲክ ነው። ከሌለውና ፖላር ከሆነ አፕሮቲክ ነው። መምህርህ ያሉት ስህተት አይደለም፣ «ፕሮቲክ» የሚለው ቃል ነው የጎደለው።

የሶልቨንቱን ጉልበት በዓይንህ ማየት ከፈለግክ ተርት-ቡታይል ክሎራይድን በውሃና በአሴቶን ድብልቅ ሞክረው። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። 3 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ተርት-ቡታይል ክሎራይድ በአሴቶን። በሌላ ቢከር 0.3 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር NaOH ከ6.7 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፣ ጥቂት ጠብታ ብሮሞፊኖል ብሉ ተጨምሮበት። ታዋህዳቸውና ሰዓት ትይዛለህ። ሪአክሽኑ HCl ያወጣል፣ HCl NaOHውን ይጨርሳል፣ ሰማያዊው ቢጫ ይሆናል። NaOHው የክሎራይዱ አንድ አስረኛ ስለሆነ ቀለሙ የሚቀየረው 10 በመቶው ሲያልቅ ነው። አሁን ውሃውን ቀንሰህ አሴቶኑን ከፍ አድርገው። ጊዜው በደንብ ይረዝማል። ውሃ ሲያንስ አዮኑን የሚቀበለው ያንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። NaOHውን እጥፍ ስታደርገው ቀለም የሚቀየርበት ጊዜም እጥፍ ይሆናል። ተማሪው «NaOH ሪአክሽኑን አዘገየው» ብሎ ይጽፋል። አላዘገየውም። አሁን ቀለሙ እንዲቀየር 10 ሳይሆን 20 በመቶው ማለቅ አለበት። አስላው፦ ለ10 በመቶ kt = ln(1/0.9) = 0.105 ነው፣ ለ20 በመቶ ln(1/0.8) = 0.223። ከእጥፍ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ። k ግን ያው ነው። NaOH ፍጥነቱ ውስጥ የለበትም ማለት ይህ ነው፣ ኤስኤን1 ለመሆኑም ጥሩ ማስረጃ ነው። በአሴቶኑ ጠርሙስ ግን NaIውን እጥፍ ብታደርገው ዝቃጩ ቶሎ ይመጣል። አዮዳይዱ ፍጥነቱ ውስጥ አለበት።

ሰብስትሬቱን ባጭሩ ልበል፣ አብዛኛውን ታውቀዋለህ። ኤስኤን2 ላይ ኑክሊዮፋይሉ በሃላይዱ ተቃራኒ በኩል፣ በጀርባ ነው የሚመጣው። ጀርባው ላይ ሜቲል በተደረደረ ቁጥር መግቢያው ይጠባል። አሴቶን ውስጥ አይሶፕሮፒል ብሮማይድ ከኢታይል ብሮማይድ ከ100 እጥፍ በላይ ይዘገያል። ተርሸሪ ላይ መግቢያው ተዘግቷል። እነዚያው ሜቲሎች ግን ኤሌክትሮን በማካፈል ካርቦካታዮኑን ያሳርፉታል። አንዱን መንገድ የዘጉት ሌላውን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ቤንዚል ክሎራይድ ፕራይመሪ ነው፣ ግን ሁለቱም ጠርሙስ ውስጥ ቶሎ ይሠራል። ቻርጁን ቀለበቱ ይካፈልለታል። ፕራይመሪ ስለሆነ ብቻ ኤስኤን1 አይሆንም አትበል።

ላቡን የምትሠራው ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ያዝ። በአንድ ዓመት ሲልቨር ናይትሬት ያለባቸው ቱቦዎች በሙሉ ነጭ ሆኑብኝ። 1-ክሎሮቡቴን ሳይቀር፣ ያውም በቅዝቃዜ። ግማሽ ቀን ኬሚካሉን ስጠራጠር ዋልኩ። በመጨረሻ ምንም ሃላይድ በሌለበት ቱቦ ውስጥ ሲልቨሩን ብቻ አደረግኩት። እሱም ደፈረሰ። ለካ ቱቦዎቹ በቧንቧ ውሃ ታጥበው በደንብ ሳይደርቁ ነው የመጡት። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ በኢታኖል እናጥባለን፣ አንድ ባዶ ቱቦም ሁልጊዜ አብሮ ይቆማል። ሁለተኛው የሙቅ ውሃው ነው። አሴቶን 56 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ውሃው ከ50 ካለፈ አሴቶኑ ተኖ ያልቅና ራሱ NaI ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ያን አይተህ «ተርሸሪውም ሠራ» ትላለህ። ጥቂት ጠብታ አሴቶን ጨምርበት። ተመልሶ ከሟሟ NaI ነበር፣ ካልሟሟ እውነተኛ ዝቃጭ ነው።

አሁን ወደ ፈተናህ። (R)-2-ብሮሞቡቴን ከሶዲየም ሳያናይድ ጋር በዲኤምኤስኦ ከተባልክ፦ ጠንካራ ኑክሊዮፋይል አለ፣ ሶልቨንቱ ኦኤች የለውም፣ ኤስኤን2 ነው። ሳያናይዱ በጀርባ ይገባል፣ ውጤቱ (S)-2-ሜቲልቡታንናይትራይል ይሆናል። ከሲልቨር ናይትሬት ጋር በኢታኖል ከሆነ ወደ ኤስኤን1 ያዘነብላል፣ የR እና የS ድብልቅ ጠብቅ። በሶዲየም ኢቶክሳይድ ከሆነ ደግሞ ቆም በል። ኢቶክሳይድ ጠንካራ ቤዝ ነው፣ ሰከንደሪ ላይ በብዛት የሚያወጣው ቡቲን ነው፣ ማለትም ኢሊሚኔሽን።

የሚቀረው ሲልቨርም ጠንካራ ኑክሊዮፋይልም የሌለበት፣ ኢታኖል ብቻ ያለበት ጉዳይ ነው። መጻሕፍት «ሰከንደሪ፣ ፕሮቲክ፣ ስለዚህ ኤስኤን1» ብለው ያልፉታል። እውነቱ ግን ተራ ሰከንደሪ ካርቦካታዮን ለብቻው ቆሞ የሚቆይ አይደለም። ብሮማይዱ ሊወጣ ሲል የኢታኖል ሞለኪውል ከጀርባ ይደግፈዋል። እንዲህ ባለ ሪአክሽን ውጤቱ ግማሽ በግማሽ የማይሆነው፣ የተገለበጠው ወገን የሚያመዝነው ለዚህ ነው። ፈተና ላይ ኤስኤን1 ብለህ ጻፍ፣ ቦታ ካለህ ግን ይቺን አንድ መስመር ጨምርበት።