ድርሻው በመቶኛ፣ ቅርጫቱ በመጠን

«የአይኤምኤፍን ኤስዲአር ራሴ ላሰላው ሞከርኩ። የአምስቱን ገንዘቦች ድርሻ በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቼ ስደምር 0.87 ዶላር ይመጣልኛል። ድርጅቱ ግን ከ1.33 በላይ ነው የሚለው። ክብደቱ ቋሚ ነው ካሉ የት ጋ ነው የሳትኩት?»

ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ እዚያው ነው የወደቅኩት። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅቱ አይኤምኤፍ ከአምስት ገንዘቦች ቀምሮ ሒሳቡን የሚይዝበት መለኪያ ነው። ቋሚ የሆነው በመቶኛው አይደለም። ቋሚው የእያንዳንዱ ገንዘብ መጠን ነው።

የወር አስቤዛ አስብ። ቤትህ በየወሩ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ሊትር ዘይትና 2 ኪሎ ስኳር ይገዛል እንበል። ዘምቢሉ አይቀየርም፤ ዋጋው ነው የሚቀየረው። ሽንኩርት ሲወደድ ከወጪህ ውስጥ የሽንኩርቱ ድርሻ ያድጋል፤ ኪሎው ግን ያው 5 ነው። ኤስዲአርም እንደዚያ ነው። ከኦገስት 1 ቀን 2022 ጀምሮ አንድ ኤስዲአር ማለት 0.57813 ዶላር፣ 0.37379 ዩሮ፣ 1.0993 ዩዋን፣ 13.452 የንና 0.080870 ፓውንድ በአንድ ዘምቢል ማለት ነው። አንተ የተጠቀምክባቸው 43.38፣ 29.31፣ 12.28፣ 7.59 እና 7.44 በመቶ ዘምቢሉ ሲሞላ የነበሩት ድርሻዎች ናቸው።

የአንተ ስሌት ለምን እንደማይሠራ በየኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 7.59 በመቶን ወስደህ ወደ ዶላር ስትቀይረው 0.0759 የን ቀየርክ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ምንም አይደለም፤ የሳንቲም ሽራፊ እንኳን አይሞላም። በመቶኛ የየን መጠን አይደለም፤ የዋጋ ድርሻ ነው። ጃፓን ነገ ከገንዘቧ ላይ ሁለት ዜሮ ብትቆርጥ የአንተ ውጤት ይቀየር ነበር። በእውነቱ ግን ምንም የተለወጠ ሀብት የለም።

አሁን እናስላው። ለአያያዝ እንዲቀል ክብ ምንዛሪ ልውሰድ። አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር፣ አንድ ፓውንድ 1.30 ዶላር፣ አንድ ዶላር 7.20 ዩዋን ወይም 150 የን ይሁን።

ዶላሩ እንዳለ ይገባል፤ 0.57813። ዩሮው በ1.10 ሲባዛ 0.41117 ይሆናል። ፓውንዱ በ1.30 ሲባዛ 0.10513። ዩዋኑ ለ7.20 ሲካፈል 0.15268፣ የኑ ለ150 ሲካፈል 0.08968። ድምሩ 1.33679 ዶላር ነው። አለቀ። በኤክሴል ዩሮን B2፣ ፓውንድን B3፣ ዩዋንን B4፣ የንን B5 ላይ አድርገህ ይህን ጻፍ፦

```
=0.57813+0.37379*B2+0.08087*B3+1.0993/B4+13.452/B5
```

ማባዛቱና ማካፈሉ መቀላቀሉን ልብ በል። በገበያው ልማድ ዩሮና ፓውንድ የሚጠሩት «አንዱ ስንት ዶላር» ተብለው ነው። የንና ዩዋን ደግሞ «አንድ ዶላር ስንት» ተብለው። እኔን ያዋረደኝ ይሄ ነው። አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ሻንጣዋ ጠፋ። የዓለም አቀፍ በረራ መንገደኞችን ካሣ የሚደነግገው የሞንትሪያል ስምምነት ለሻንጣ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በኤስዲአር ነው፤ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519። ጣሪያ ነው እንጂ ዝም ብሎ የሚታደል አይደለም፤ የእሷ ንብረት ግን ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው እኔ ነኝና ቤተሰቡ ስሌቱን ለእኔ ሰጠ። እኔ ብልጡ አምስቱንም አካፈልኩ።

የንን ብታባዛው ኖሮ ወዲያው ይታወቅሃል፤ አንድ ኤስዲአር ሁለት ሺህ ዶላር ይሆናል። ዩሮና ፓውንድን ማካፈል ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ከላይ ባሉት ምንዛሪዎች ብሠራው 1.2225 ይመጣል። ቁጥሩ ምንም አያስጠረጥርም። በ1,519 ኤስዲአር ላይ ግን ልዩነቱ ወደ 174 ዶላር ነው። አክስቴ እስካሁን «የእኔ የሒሳብ ሊቅ» ትለኛለች። ስለዚህ አንድ መፈተሻ ያዝ፦ ዩሮ ከዶላር በላይ ከሆነ የዩሮው ቁራሽ ከ0.37379 መብለጥ አለበት። ካነሰ ገልብጠኸዋል።

አሁን ወደ በመቶኛው እንመለስ። እያንዳንዱን ቁራሽ ለ1.33679 አካፍለው። ዶላር 43.25፣ ዩሮ 30.76፣ ዩዋን 11.42፣ ፓውንድ 7.86፣ የን 6.71 በመቶ ይወጣል። የየኑን አየኸው? በ7.59 የጀመረው ወርዷል። ማንም ነክቶት አይደለም። ዘምቢሉ ሲሞላ አንድ ዶላር 133 የን አካባቢ ነበር፤ በእኛ ምሳሌ 150 ነው። የኑ ሲረክስ ድርሻው ራሱ ይሟሽሻል፤ ወደ 7.59 የሚመልሰው ሰው የለም።

133ን ከየት አመጣኸው ካልከኝ ከራሱ ከዘምቢሉ ነው። 0.57813 ዶላር 43.38 በመቶ ከሆነ ጠቅላላው 1.3327 ዶላር ነው። የዚያ 7.59 በመቶ 0.1012 ዶላር። 13.452 የን 0.1012 ዶላር ያወጣ የነበረው አንዱ ዶላር 133 የን ሲሆን ነው። ድርጅቱ መጠኖቹን ሲወስን የአንድን ቀን ምንዛሪ አይወስድም፤ የሦስት ወር አማካይ ነው የሚወስደው። አንድ ቀን የተፈጠረ ግርግር አምስት ዓመት እንዳይከተለን ነው ነገሩ። በመጨረሻ መጠኖቹ ሁሉ በአንድ ምጣኔ ይስተካከሉና በመሸጋገሪያው ቀን የአዲሱና የአሮጌው ዘምቢል ዋጋ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ድርሻ በተቀየረ ቀን ኤስዲአር ያለው ሰው አያተርፍም፣ አይከስርም። የአሁኑ ዘምቢል እስከ ጁላይ 2027 መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አምስቱን ቁጥሮች ይቀይር።

ብር ቅርጫቱ ውስጥ የለም። የኤስዲአርን የብር ዋጋ ከፈለግህ የዶላሩን ውጤት በብርና በዶላር ምንዛሪ ታባዛለህ፣ በቃ። እኛን ግን ይነካናል። በጁላይ 2024 ለኢትዮጵያ የጸደቀው ብድር የተጻፈው በዶላር ሳይሆን በኤስዲአር ነው፤ 2.556 ቢሊዮን። ያኔ ዜናው «3.4 ቢሊዮን ዶላር» ያለው በዕለቱ ዋጋ ተባዝቶ ነው። ኤስዲአር በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ሲወደድ ያ ሙሉ ብድር በዶላር ሲታሰብ በ25 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ይጨምራል።

አንድ የቀረ ነገር። አስልተህ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ከድርጅቱ ጋር ካልገጠሙ አትደንግጥ። እነሱ የሚወስዱት የለንደን እኩለ ቀን ላይ ያለውን ምንዛሪ ነው። በእኛ አቆጣጠር በክረምታቸው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በበጋቸው 8 ሰዓት ማለት ነው። አንተ ማታ ስልክህ ላይ ያየኸው ሌላ ምንዛሪ ነው። ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ ሦስተኛው ወይም አራተኛው አሃዝ ላይ ከሆነ ጉዳዩ ሰዓት ነው። አንደኛው ወይም ሁለተኛው ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዩሮውን እይ።