60 ስላይድ ከማጠቃለላችሁ በፊት

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ረጅም ፕረዘንቴሽን በአንድ ገጽ አሳጥሩ ስትባሉ እጃችሁ ቶሎ ወደ መጻፍ ይሮጣል። ከ1ኛው ስላይድ ጀምራችሁ የየስላይዱን ዋና ነጥብ እየለቀማችሁ ትወርዳላችሁ። በዚህ መንገድ የሚገኘው ግን ግጭቱን ሁሉ እንደያዘ ያጠረ ፕረዘንቴሽን ነው። 60 ስላይድ የሚያህል ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደለም። አንዱ ካምናው ፋይል ይቀዳል፣ ሌላው የራሱን ክፍል ይጨምራል፣ ሦስተኛው ስብሰባው ሊጀመር ሲል የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አርሞ ይልካል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ስላይድ ለብቻው ሲነበብ ልክ ሆኖ ሳለ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚጣሉት።

አንድም ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ ሠንጠረዥ ክፈቱ። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ የስላይዱ ቁጥር፣ ምን እንደተቆጠረ፣ መጠኑ፣ የየትኛው ጊዜ እንደሆነ፣ ከእነማን ውስጥ እንደተሰላ። ሁለተኛውን ዓምድ በስላይዱ በራሱ ቃል ሙሉት። ስላይዱ «ተመዝጋቢ» ካለ እናንተም «ተመዝጋቢ» በሉ፤ «ሠልጣኝ» ብላችሁ ካስተካከላችሁት ግጭቱን የሚያሳየውን ፍንጭ በገዛ እጃችሁ ሰረዛችሁት ማለት ነው። ስላይዱ ያልተናገረውን ዓምድ በግምት አትሙሉ፣ ባዶ ይቆይ። ከስላይዱ ሥር ያለውን የተናጋሪ ማስታወሻና የተደበቁትን ስላይዶችም አትዝለሉ። ፓወርፖይንት ላይ በ Slide Sorter ስታዩ የተደበቀው ስላይድ ቁጥሩ ላይ ሰረዝ ተስሎበታል። በ Ctrl+F ብቻ አትተማመኑ፤ እንደ ምስል ተለጥፎ የገባ ቻርት ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያገኝም። ደግሞም እንደ ምስል የተለጠፈ ቻርት የጀርባው ኤክሴል ሲታረም አብሮ ስለማይታረም አሮጌ ቁጥር ተደብቆ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ በስላይድ ቁጥር ሳይሆን በሁለተኛው ዓምድ ደርድሩት። ስለ አንድ ነገር የተባለው ሁሉ ያኔ አንድ ቦታ ይሰበሰባል።

ስለ አንድ የሥልጠና ፕሮግራም የተዘጋጀ 60 ስላይድ አላችሁ እንበል። ስላይድ 3 «2,400 ሰዎች ሠልጥነዋል፣ የማጠናቀቅ ምጣኔው 80 በመቶ ነው» ይላል። ስላይድ 17 ላይ የአራቱ ሩብ ዓመታት ቻርት 520፣ 610፣ 640 እና 630 ያሳያል። ደምሩት፣ 2,400 ይመጣል፤ እስካሁን ሰላም ነው። ስላይድ 29 ላይ ደግሞ «1,800 ሰዎች አጠናቀዋል» ተብሏል። እዚህ ቁሙ። የ2,400 ሰማንያ በመቶ 1,920 ነው። በሁለቱ ስላይዶች መካከል የሌሉ 120 ሰዎች ተፈጥረዋል።

ለማጠቃለል የቸኮለ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜም ትልቁን። እናንተ ግን አምስተኛውን ዓምድ ተመልከቱ። የስላይድ 17 ቻርት ርእስ «ተመዝጋቢዎች በሩብ ዓመት» ነው። ከስላይድ 41 ሥር ባለው ማስታወሻ ውስጥ «150 ተመዝጋቢዎች አንድም ቀን አልተገኙም» የሚል መስመር አለ። ስለዚህ የጀመሩት 2,250 ናቸው፤ 1,800 ደግሞ ለ2,250 ሲካፈል በትክክል 80 በመቶ ነው። ከተመዘገቡት አንጻር ከታየ 75 በመቶ ይሆናል። ሁለቱም ምጣኔ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ስላይድ 3 ላይ «ሠልጥነዋል» የሚለው ቃል ነው፣ ምክንያቱም 2,400 የተመዘገቡት ናቸው። ማጠቃለያው ላይ መግባት ያለበት ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ «2,400 ሰዎች ተመዘገቡ፣ 2,250 ጀመሩ፣ 1,800 ጨረሱ፤ ይህም ከጀመሩት 80 በመቶ ነው»።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስላይድ 8 ማጠናቀቅ ካምናው «በ15 በመቶ ጨመረ» ሲል ስላይድ 36 «በ25 በመቶ ጨመረ» ይላል። ስላይድ 36 ሥር የአምናው 60 በመቶ እንደነበርና ከተመዘገቡት አንጻር እንደተሰላ ተጽፏል። ከ60 ወደ 75 ሲኬድ ልዩነቱ 15 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ 15 ለ60 ሲካፈል ደግሞ 25 በመቶ ዕድገት ይሰጣል። አንዱ ጸሐፊ ቀንሷል፣ ሌላው አካፍሏል፣ ሁለቱም «በመቶ» ብለው ጠርተውታል። ማጠቃለያ ላይ «ከ60 ወደ 75 በመቶ» ብላችሁ ሁለቱን ጫፎች ብትጽፉ ክርክሩ ይቀራል። አደጋው የአምናውን 60 ወስዶ ከዘንድሮው 80 ጋር ማነጻጸር ነው፤ የመጀመሪያው ከተመዘገቡት፣ ሁለተኛው ከጀመሩት የተሰላ ስለሆነ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ዕድገት ያሳያል።

ድግግሞሽ ከዚህ የበለጠ ያታልላል፤ ስህተት አይመስልምና። ስላይድ 12 «አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ረክተዋል»፣ ስላይድ 33 «87 በመቶ ረክተዋል»፣ ስላይድ 50 «ከ10 ሰዎች 9ኙ ረክተዋል» ይላሉ። ሳትጠነቀቁ ካሳጠራችሁ አንባቢው ሦስት ማስረጃ ያለ ይመስለዋል። ምንጩን ስትከተሉ ሦስቱም ወደ አንድ መጠይቅ ይመለሳሉ፦ 300 ሰዎች መለሱ፣ 261ዱ ረክተናል አሉ። 87 በመንገድ ላይ ወደ 90 ከፍ ማለቱንም ልብ በሉ፤ አንድ ነጥብ በተደጋገመ ቁጥር ወደ ሚያምረው አቅጣጫ ይጠጋጋል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ያዙ፣ ወደ ምንጩ የሚቀርበውን፤ ከ1,800 አጠናቃቂዎች የመለሱት 300 ብቻ መሆናቸውንም አብራችሁ ጻፉ።

ቁጥር የሌለው ግጭትም አለ፣ ሠንጠረዡ ውስጥ የጊዜ ዓምድ ያስፈለገውም በዋናነት ለዚህ ነው። ስላይድ 26 «የቀጣዩ ዙር ምዝገባ በጀት ከጸደቀ በኋላ ይጀመራል» ይላል። ስላይድ 54 ላይ ያለው የጊዜ ሰሌዳ ምዝገባን 2ኛው ወር ላይ፣ የበጀት ማጽደቂያን 3ኛው ወር ላይ አስቀምጧል። ይህን የትኛውም ስሌት አይፈታውም። አንዱ ተቀይሮ ሌላው ተረስቷል፣ የትኛው እንደተቀየረ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው።

ለእሱም «ስላይዶቹ አይጣጣሙም» ብላችሁ አትላኩ፤ መልሱ «እስኪ አያለሁ» ብቻ ይሆናል። በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ላኩ፦ «ስላይድ 26 ምዝገባን ከበጀት በኋላ፣ ስላይድ 54 ከበጀት በፊት ያደርገዋል። የትኛው ይያዝ?» መልሱ ሳይመጣ ማስረከቢያው ከደረሰ ሁለቱንም ከነስላይድ ቁጥራቸው ጽፋችሁ «አልተረጋገጠም» በሉበት። ሁለት የሚጋጩ ቁጥሮችን ደምራችሁ ለሁለት ማካፈል ግን አይሞከር፤ ውጤቱ በየትኛውም ስላይድ ላይ የሌለ፣ ማንም ኃላፊነቱን የማይወስድበት ሦስተኛ ቁጥር ነው።