ከቴሌግራም ያወረድኩት “ነፃ” ቴም ያስከፈለኝ

ጥያቄ፦ “ሰላም ቤተሰብ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ በአማርኛ የምጽፍበት ቀላል የዎርድፕረስ ብሎግ ልጀምር ነው። ዶሜንና ሆስቲንግ ገዝቻለሁ። የቱን ቴም ልምረጥ? ጓደኛዬ የሚከፈልበት ቴም በቴሌግራም በነፃ ልላክልሽ ብሎኛል። ፕለጊንስ ስንት ይበቃል? አፕዴት ሲደረግ ይበላሻል ሲሉም ፈራሁ።”

እህቴ፣ ጓደኛሽ የሚልከውን ፋይል እባክሽ አትጫኚው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን ያዢልኝ።

1. ቴም። እኔም እንዳንቺ ስጀምር ሃምሳ ምናምን ዶላር ከየት አመጣለሁ ብዬ ከአንድ ቻናል ክራክ የተደረገ ቴም አወረድኩ። በጣም ያምር ነበር። አምስት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንዲት አንባቢ “ብሎግህን በስልኬ ስከፍት የቁማር ገጽ ነው የሚመጣው” ብላ ጻፈችልኝ። በላፕቶፔ ከፈትኩት፣ ደህና ነው። በማግስቱም ደህና ነው። ችግሩ ከስልክሽ ነው አልኳት። ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

ለካ ኮዱ የተጻፈው ባለቤቱ እንዳያየው ተደርጎ ነው። ከጉግል የመጣና ሎግኢን ያላደረገ የስልክ አንባቢን ብቻ ነው ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደው። እኔ ደግሞ ሁሌ ሎግኢን እንዳደረግኩ ነኝ። ስለዚህ አንቺ የራስሽን ብሎግ ስትፈትሺ ሎግአውት አድርጊ፣ በስልክ ጉግል ላይ ፈልጊውና ከዚያ ተጭነሽ ግቢ።

ከዚያ ሆስቲንጉ አካውንቴን ዘጋው። መዝጋቱ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ስደውል ግን ያነሳው ልጅ “ቫይረስ የምታሰራጨው አንተ ነህ፣ ሌላ ቦታ ፈልግ” ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባክአፔም እዚያው አካውንት ውስጥ ነበር፤ አብሮ ተቆለፈ። 11 ቀን ለምኜ ዳታቤዙን ብቻ ሰጡኝ። ደግነቱ ዎርድፕረስ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ ጽሑፎቼ ተረፉ። ፎቶዎቹን በኋላ ሲሰጡኝ `uploads` ፎልደር ውስጥ ሁለት የ`.php` ኮድ ፋይሎች ተሸጉጠው አገኘሁ። እዚያ ፎቶና ሰነድ እንጂ እንደዚህ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ ሥራ የለውም። `Users` ዝርዝር ውስጥም እኔ ያልፈጠርኩት አድሚን ተቀምጧል። ቴሙን ብቻ ባጠፋ ኖሮ ኮዱን የደበቀው ሰው በዚያ በር ተመልሶ ይገባ ነበር።

አንቺ `Twenty Twenty-Five`ን ተጠቀሚ። የዎርድፕረስ የራሱ ነው፣ ነፃ ነው፣ አፕዴቱም ከዚያው ይመጣል። ሌላ ካማረሽ ከ`Appearance` ሥር ከ`Themes` ፈልጊና መጨረሻ የታደሰበትን ቀን wordpress.org ላይ እዪ። ዓመት ካለፈው ተይው። ለአማርኛ ፊደል `Appearance` → `Editor` → `Styles` → `Typography` ግቢና `Noto Sans Ethiopic`ን ከጉግል ፎንቶች ጫኚ። የቴሙን ፋይል ከፍተሽ አትነካኪ፣ በሚቀጥለው አፕዴት የጻፍሽው ሁሉ ይጠፋል።

2. ፕለጊን። 23 ነበረኝ። ዛሬ ሦስት ናቸው፦ ለባክአፕ `UpdraftPlus`፣ ለኮሜንት ቆሻሻ `Akismet`፣ ገጹን ለማፍጠን አንድ የካሽ። ስላይደሩን፣ የጎብኚ ቆጣሪውን፣ ፖፕአፑን አጠፋሁ፤ የት ሄዱ ያለኝ አንባቢ የለም። የማትፈልጊውን ደግሞ `Deactivate` ብለሽ አትተዪው። ኮዱ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ቀዳዳ ካለው በዚያው ይገባሉ። `Delete` በይው።

3. አፕዴት። ይበላሻል ብሎ መተው ነው የባሰው፤ የክራኩ ቴም አንዱ ጣጣም አፕዴት የማይመጣለት መሆኑ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የማደርገው። መጀመሪያ ባክአፕ፤ `UpdraftPlus` ወደ ጉግል ድራይቭ እንዲልክ አድርጊው እንጂ ሰርቨሩ ላይ አታስቀምጪ፣ እኔን ያየ ይቀጣ። ከዚያ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ገጹን ከፍቼ አያለሁ። ሁሉንም አንዴ መርጠሽ ካደስሽና ከተበላሸ የትኛው እንዳበላሸው አታውቂም። ቀጥሎ ቴሙ፣ በመጨረሻ ዎርድፕረስ ራሱ።

ገጹ ድንገት ነጭ ከሆነ አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ የአድሚኑ ኢሜይል ላይ መግቢያ ሊንክ ይላክልሻል። ካልመጣ በሆስቲንጉ ፋይል ማኔጀር `wp-content/plugins` ግቢና መጨረሻ ያደስሽውን ፕለጊን ፎልደር ስም ቀይሪ። ፕለጊኑ ይጠፋል፣ ገጹ ይመለሳል። የጻፍሽው ነገር አይነካም።

ምናልባት የጓደኛሽን ቴም ጭነሽው ከሆነና ገና ምንም ካልጻፍሽ፣ ለማጽዳት አትልፊ። ፋይሉንም ዳታቤዙንም ጠርገሽ ዎርድፕረስን እንደ አዲስ ጫኚ፣ የአድሚንና የሆስቲንግ ፓስወርድሽንም ቀይሪ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ እኔ 11 ቀን ነው የፈጀብኝ።