መልቀቂያ ካስገባህ በኋላ «እንጨምርልህ» ሲሉህ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን ነኝ፣ 6 ዓመቴ ነው፤ ደመወዜ 13,000። ደሴ ላይ 16,500 የሚከፍል ስላገኘሁ ጥር 5 መልቀቂያ አስገባሁ። አሁን አለቃዬ ‹14,000 ደመወዝ ከ3,000 የኃላፊነት አበል ጋር፣ 17,000 እናድርግልህ፣ አትሂድ› አለኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ለትራንስፖርት በቀን 120 ብር አወጣለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ቀን አለህ። መጀመሪያ ግን ያን 17,000 ፈታ አድርገህ እየው።

አበሉም እንደ ደመወዙ ግብር ይቆረጥበታል። አሁን ባለው ሰንጠረዥ ከ14,000 በላይ ለሆነ ገቢ ስሌቱ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። የ17,000 ግብር 3,900 ይሆናል። ጡረታው 7 በመቶ ከ14,000ው ብቻ ስለሚታሰብ 980 ነው። እጅህ የሚገባው 12,120። የደሴው 16,500 ደግሞ ግብሩ 3,725፣ ጡረታው 1,155፣ የተጣራው 11,620። እስከዚህ ድረስ የአለቃህ በ500 ብር ይበልጣል። ግን በወር 26 ቀን ኮምቦልቻ ስትወርድና ስትወጣ 3,120 ብር መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በትክክል የምታወዳድረው 9,000ን ከ11,620 ጋር ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው አበሏ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት «ደመወዝ» የሚባለው መደበኛው ክፍያ ነው፤ አበልና ማበረታቻ በአብዛኛው ከሱ ውጭ ናቸው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባዛው በደመወዝ ነው፤ የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንዲሁ። ለኤሌክትሪሽያን ይሄ ቀላል አይደለም፣ ማሽን የሚቆመው በእሁድና በሌሊት ነውና። ወሩን በ208 ሰዓት ካካፈልነው በ14,000 የቀን ትርፍ ሰዓት (በ1.5 ተባዝቶ) ወደ 101 ብር፣ በ16,500 ወደ 119 ብር ይመጣል። በዚያ ላይ የኃላፊነት አበል ከቦታው ጋር የታሰረ ነው፤ ከቦታው ካነሱህ አብሮ ይነሳል። መቅረት ከፈለግህ «3,000ውን ደመወዝ ውስጥ አስገቡልኝ» በል። «መዋቅር አይፈቅድም» ካሉህ ጭማሪው የቆመው በአለቃህ መልካም ፈቃድ ላይ መሆኑን እወቅ።

ቀኑን አትርሳ። የማስጠንቀቂያ ጊዜህ 30 ቀን ስለሆነ የካቲት 5 ላይ ያልቃል። አለቃህ በቃል የነገረህ ነገር ደብዳቤህን አያስቀረውም፤ ማህደርህ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። በቃል ተስማምተህ ብትቀርና ጭማሪው ሁለት ወር ቢጓተት፣ በዚያው ደብዳቤ «በራስህ ፈቃድ ለቀሃል» ሊሉህ ይሞክራሉ። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። አንዱ ያንተ ነው፦ ጥር 5 ያስገባኸውን መልቀቂያ ማንሳትህን የሚገልጽ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር የተሰጠው። ሌላው የነሱ ነው፦ ማንሳትህን መቀበላቸውን፣ አዲሱን ደመወዝ በብር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብና አገልግሎትህ ሳይቋረጥ እንደሚቀጥል የሚጽፍ፣ ማህተም ያለበት። የሚፈርመው የፈረቃ ኃላፊው ሳይሆን ደመወዝ የማጽደቅ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። «ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከናል» የሚለው መልስ የካቲት 1 ላይም ካልተለወጠ እንደ እምቢታ ቁጠረው። ደብዳቤው ውስጥ «ይህን ያህል ዓመት የማገልገል ግዴታ» የምትል መስመር ገብታ እንደሆነም ሳትፈርም ፈልግ።

ያ ወረቀት እጅህ ሳይገባ ለደሴዎቹ «ቀርቻለሁ» አትበል። የነሱን 16,500 ይዘህ ሄደህ ደግሞ «17,000 ብለውኛል» ብለህ አታጫርት፤ ደሴና ኮምቦልቻ ከተማው ሁለት ይሁን እንጂ የሙያ ገበያው አንድ ነው። እዚያ ስትገባም እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊኖርህ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። ትክክለኛው የመሄድ ስጋት ይሄ ነው፤ ሚዛን ላይ አስቀምጠው።

አለቃህ ያልነገረህ አንድ ነገር ደግሞ አለ። 5 ዓመት የሞላው ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው። ባንተ 6 ዓመት ሲታሰብ ግብር ሳይቆረጥ ወደ 34,700 ብር ነው። ብትቀር አይጠፋም፣ ይቆያል። ብትሄድ ግን ከቀረህ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ጋር ውልህ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ሊከፍሉህ ይገባል።

30 ቀኑን ሳትጨርስ ግን እንዳትወጣ፤ እስከ አንድ ወር ደመወዝ ካሳ ከዚሁ ገንዘብ ላይ ይቆርጡብሃል። የመጨረሻዋን ቀን ሠርተህ መሣሪያ አስረክብ፣ ክሊራንስህን አስፈርም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃህንም በዚያው ጠይቅ፤ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።